"ስንት ናቸው?" ያሉት አያት

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ አይጥ ነው። አትሳቁ። መምህራን ክፍል ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ ያከራከረን ጉዳይ ነው። እኔም እዚያ ተናግሬ ስላልጨረስኩት እዚህ ላስፍረው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ቤታችን የንባብ ክበብ ተማሪዎች ለሕፃናት የሚሆኑ አጫጭር ታሪኮች ጽፈው፣ በአቅራቢያችን ላለ መዋዕለ ሕፃናት ሄደው እንዲያነቡ ተባለ። 11 ታሪክ መጣ። አብዛኞቹ የምታውቋቸው ዓይነት ናቸው። ጦጣና አንበሳ፣ ሰነፍ ልጅና ጎበዝ ልጅ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ "ስለዚህ ልጆች..." የሚል ምክር። አንዱ ግን ለየት አለብን። የጻፈችው አንዲት ዝምተኛ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም። ታሪኩ ላይ "ይስተካከል" የሚል አስተያየት ከሦስት አቅጣጫ መጣ። እኔ ደግሞ "አይነካ" አልኩ። ለምን እንዳልኩ ነው የማስረዳው።

መጀመሪያ ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ።

ልጅቷ 7 ዓመቷ ነው። ስም የላትም፤ "ልጅቷ" ብቻ ናት። ማታ ውሃ ጠምቷት ወጥ ቤት ትገባለች። መብራቱን ስታበራ አንድ አይጥ ከሊጥ ዕቃው ክዳን ላይ ይዘላል፤ ሌላው ከጤፍ ዱቄቱ ማዳበሪያ ሥር ሹልክ ይላል። ቤቱን በጩኸት ታናጋዋለች። አያቷ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ቀስ ብለው ይመጣሉ።

"እማማ! አይጥ! አይጥ!"

"ስንት ናቸው?"

"እኔ እንጃ!"

"በየት ገቡ?"

"አላየሁም!"

"እንግዲያው ነገ አብረን እናያለን። አሁን ነይ፣ ውሃሽን ጠጪ።"

አለቀ። አያትየው አልጮኹም፣ መጥረጊያ አላነሱም፣ "አንቺ ፈሪ" ብለውም አልቀለዱባት። ውሃ ቀድተው ሰጧት፤ እስክትጠጣ አጠገቧ ቆሙ፤ ከዚያ አስተኟት።

ጠዋት ላይ ባትሪ ይሰጧታል። "አንቺ ወደ መሬት ትቀርቢያለሽ፣ ዓይንሽም ከኔ ይሻላል። ግድግዳውን ተከትለሽ ሂጂ፣ ያየሽውን ንገሪኝ" ይሏታል። ልጅቷ ከማዳበሪያው ጀርባ ጥቁር ሩዝ የመሰለ ነገር ታገኛለች። አያትየው ጎንበስ ብለው አይተው "ይሄ የትንሿ አይጥ ነው። አይጠ መጎጥ ቢሆን ኖሮ ከዚህ በእጥፍ ይረዝም ነበር" ይላሉ። ማዳበሪያው ታች ጥጉ ላይ ተቀዷል። ሞሰብ ውስጥ የነበረው ዳቦም ጠርዙ ተልጧል፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ የተሰለፉ ቀጫጭን የጥርስ ምልክቶች አሉበት። ሳምንቱን ሙሉ እናትየው "ይሄን ዳቦ ማነው የሚቆነጥረው?" እያሉ ልጅቷን ሲቆጡ ነበርና፣ አያትየው ዳቦውን ለምጣዳቸው ለልጃቸው አሳይተው "ልጅቷ እንዲህ ዓይነት ጥርስ አላት እንዴ?" ይላሉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይሄው ነው። ተማሪዬ ተረቱን ግን አልጻፈችውም። ጥርሱን ብቻ አሳይታ አለፈች።

ከዚያ ቀዳዳ ፍለጋ። ሦስት ያገኛሉ። አንዱ በበሩ ሥር፣ አንዱ ከመደርደሪያው ጀርባ፣ አንዱ የዕቃ ማጠቢያው ቱቦ ግድግዳውን በስቶ በሚወጣበት። "እርሳስሽን አምጪ" ይላሉ አያትየው። "እርሳሱ የገባበት ሁሉ አይጥም ይገባበታል።" በሦስቱም ይገባል። ማታ ሦስቱንም ቀዳዳ በተጨማደደ ወረቀት ላላ አድርገው ይደፍኗቸዋል፤ ፊት ለፊታቸው ደግሞ በወንፊት የተነፋ አመድ ስስ አድርገው ይበትናሉ። ጠዋት ልጅቷ ከሁሉም ቀድማ ትነሳለች። ሁለቱ ወረቀቶች እንዳሉ ናቸው። የቱቦው ወረቀት ግን ተገፍቶ ወድቋል፤ አመዱ ላይ ጥቃቅን ዱካ አለ። "በዚህ ነው!" ትላለች። በታሪኩ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ የጮኸችው ያኔ ነው። ጩኸቱ ግን የመጀመሪያው ዓይነት አይደለም።

ቀሪው ሥራ ነው። ዱቄቱ ተነፍቶ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል፤ ዳቦው ከሞሰቡ ወጥቶ ድስት ውስጥ ይከደናል፤ ማታ ማታ ፍርፋሪ ይጠረጋል፤ የዕቃ ማጠቢያው ውሃ ይደፋል። ሁለት ወጥመድ ላይ ቁንጥር ኦቾሎኒ ተደርጎ ግድግዳው ሥር ይቀመጣል። ሦስት አይጥ ይያዛል። ልጅቷ "ሞተች?" ብላ ትጠይቃለች። አያትየው "አዎ፣ ሞታለች" ይላሉ። ሌላ ነገር አይጨምሩም። አመዱ ለሦስት ሌሊት ዱካ ሳይታይበት ሲያድር፣ ቀዳዳዎቹ በድስት መፈተጊያ ሽቦ ታጭቀው ላያቸው በሲሚንቶ ይለሰናል።

መጨረሻው እንዲህ ነው። አንድ ማታ ልጅቷ ውሃ ይጠማታል። ብቻዋን ወጥ ቤት ትገባለች፣ መብራቱን ታበራለች፣ ግድግዳውን ተከትላ በዓይኗ ትሄዳለች። ከዚያ ውሃዋን ጠጥታ ትተኛለች።

ይሄ ነው ታሪኩ። አሁን ወደ ክርክሩ።

የመጀመሪያው አስተያየት "አያትየዋ ቀዝቃዛ ናቸው" የሚል ነበር። ሕፃን ልጅ እየጮኸች "ስንት ናቸው?" ይባላል ወይ? እቅፍ አድርገው "አይዞሽ" ማለት ነበረባቸው ተባለ። አስተያየቱን የሰጡት መምህርት ልጅ ያሳደጉ እናት ናቸውና በቀላሉ የማልፈው አይደለም። ግን እስቲ ቆም ብለን እንየው። "አይዞሽ" የተባለች ልጅ የምትማረው "የሚያስፈራ ነገር አለ፣ ደግነቱ ትልቅ ሰው ደረሰልኝ" የሚለውን ነው። በማግስቱ ትልቅ ሰው ከሌለ ግን ወጥ ቤት አትገባም። "ስንት ናቸው?" የተባለች ልጅ ደግሞ ሳታስበው ዓይኗን ትከፍታለች። ለመቁጠር ማየት አለባት። የሚያይ ሰው ደግሞ መፍራቱን ባያቆምም፣ ፍርሃቱ መጠን ይኖረዋል። ሁለት አይጥ ሁለት አይጥ ነው፤ ያልተቆጠረ አይጥ ግን ቤት ሙሉ ነው።

ደግሞ እኮ አያትየው ልጅቷን አልተዋትም። ውሃውን ቀድተው ሰጥተዋታል፣ እስክትጠጣ ቆመዋል። እኔ ካደግኩበት ቤት አንጻር ያ እቅፍ ነው። የኛ አያቶች ፍቅራቸውን በቃል ሳይሆን በውሃ፣ በቆሎና በነጠላ ጫፍ ነው የሚገልጹት። ተማሪዬ ይሄን ከየትም አልቀዳችውም፣ ከቤቷ ነው ያመጣችው።

ከሁሉ በላይ ግን፣ የባዮሎጂ መምህር ነኝና፣ ጥያቄዎቹ ልክ ናቸው። ልጅ ለማረጋጋት ተብለው የተፈጠሩ አይደሉም፤ አይጥን የሚያውቅ ሰው የሚጠይቃቸው ናቸው። የቤት አይጥ ክብደቷ 20 ግራም አካባቢ ነው፤ ጭንቅላቷ ካለፈ ገላዋ ተከትሎ ያልፋል። 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃታል። የእርሳስ ውፍረት ማለት ነው። ስለዚህ የአያትየው እርሳስ ቀልድ አይደለም፤ ቤታችሁ ውስጥ ያለ ምርጥ መለኪያ ነው። ግድግዳ ተከተይ ማለታቸውም እንደዚያው። አይጥ ዓይኗ ደካማ ነው፤ የምትሄደው በጢሟ ግድግዳውን እየዳሰሰች ስለሆነ መሀል ወለል ላይ ብዙም አትገኝም። ወጥመድ ክፍሉ መሀል አስቀምጣችሁ "አይሠራም" የምትሉ ካላችሁ፣ ምክንያቱ ይሄ ነው። ምግቡ ያለበት ጫፍ ግድግዳውን እንዲነካ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ሁለተኛው አስተያየት ከአንድ ወጣት ባልደረባዬ የመጣ ነው። "ለሕፃናት ታሪክ ሞት ምን ያደርጋል? አይጦቹና ልጅቷ ጓደኛ ቢሆኑስ? ማታ ማታ ፍርፋሪ ብታስቀምጥላቸውስ?" አለ። ካርቱኑ ላይ አይጥ ሁሌ ብልጥና ተወዳጅ ነውና ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አይጥ የሚናገርበት፣ ስብሰባ የሚቀመጥበት፣ ድመት አንገት ላይ ቃጭል ማን ይሰር ብሎ የሚከራከርበት ተረት እኛም አለን፤ እኔም ወድጄው ነው ያደግኩት። ግን በዚያ ተረት ውስጥ አይጡ ሰው ነው። በተማሪዬ ታሪክ ውስጥ አይጥ አይጥ ነው፤ ወጥ ቤቱም የምር ወጥ ቤት ነው። የ5 ዓመት ልጅ ይሄን ታሪክ ሰምቶ ቤቱ ሲሄድ፣ ማዳበሪያው ሥር ያለው አይጥ ይሄኛው ነው እንጂ ያ የሚናገረው አይደለም።

ፍርፋሪ ማስቀመጥ ምን እንደሚያስከትል በቁጥር ላሳያችሁ። አንዲት የቤት አይጥ የምታረግዘው 3 ሳምንት ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ 6 ያህል ትወልዳለች። በወለደች በሰዓታት ውስጥ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ልጆቿ ደግሞ 6 ሳምንት ሲሞላቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። እንግዲህ ቁጠሩ። ዛሬ ያረገዘች አንዲት አይጥ በ3ኛው ሳምንት 6፣ በ6ኛው ሌላ 6፣ በ9ኛው ሌላ 6 ትወልዳለች። ሁሉም ከተረፉ በሁለት ወር ከምናምን ውስጥ እናት ከነልጆቿ 19 ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ደግሞ ራሳቸው ለማርገዝ ደርሰዋል። በተግባር ሁሉም አይተርፉም። ምን ያህሉ እንደሚተርፉ የሚወስነው ግን በዋናነት ምግብና መደበቂያ ነው። ፍርፋሪው ማለት ይሄ ነው።

ሞቱን በተመለከተ፣ "አዎ፣ ሞታለች" የምትለዋን መስመር ነው እኔ ከታሪኩ ሁሉ የምወዳት። አያትየው አልዋሹም፣ "ሀገሯ ሄደች" አላሉም፤ ደስም አላላቸውም። የገደሉትን ነገር ስሙን ጠርተው ነገሯት። ልጅ የሚጎዳው ሞትን በመስማቱ አይመስለኝም። ትልቅ ሰው እየሳቀ ሲገድል ወይም ገድሎ ሲዋሽ ሲያይ ነው የሚጎዳው።

ሦስተኛው አስተያየት ነው በጣም ያስጨነቀኝ። "ይሄ ሁሉ አመድና ወረቀት ምን ያደርጋል? ዘመኑ ሰልጥኗል። አያትየዋ መርዝ ቢያደርጉ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር፤ ታሪኩም ያጥራል" አሉ አንድ ባልደረባችን። ብዙዎቻችሁ ቤት የሚደረገው ይሄው ስለሆነ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

በየገበያው በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ስም የሌለው፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ የአይጥ መርዝ ይሸጣል። ውስጡ ያለው አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። አንዱ ዓይነት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው። ብዙ ጊዜ ሮዝ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተቀባ እህል ይመስላል። ይሄኛው "በአንድ ቀን" አይደለም የሚገድለው፤ አይጧ የምትሞተው ከበላችው ከ3 ቀን በኋላ ነው፣ አንዳንዴም ሳምንት ትደርሳለች። እስከዚያ ትዞራለች፤ የምትሞተውም አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳ ውስጥ ወይም ኮርኒስ ላይ ነው። ሽታውን የቀመሰ ያውቀዋል። ሌላው ዓይነት ጥቁር ግራጫ ዱቄት ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ሆድ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ለዚህኛው ማርከሻ የለውም። ለመጀመሪያው ዓይነት ቫይታሚን ኬ አለ፤ ሐኪም ቤት በጊዜ ከተደረሰ። ችግሩ ወረቀቱ ላይ ምንም ስላልተጻፈ የቱ እንደሆነ ሐኪሙም አያውቅም።

አሁን ደግሞ የት እንደሚቀመጥ አስቡት። ግድግዳ ሥር፣ መሬት ላይ፣ ቀለም ያለው እህል። ቤት ውስጥ ወደ መሬት የሚቀርበው ማነው? አያትየው "አንቺ ወደ መሬት ትቀርቢያለሽ፣ ዓይንሽም ይሻላል" ያሏት ልጅ ናት። ታሪኩን የሚሰሙት የ4ና የ5 ዓመት ልጆች ናቸው። አያትየው በታሪኩ ውስጥ መርዝ ቢበትኑ ኖሮ፣ እነዚህ ልጆች "ሮዝ እህል ግድግዳ ሥር ማድረግ የጎበዝ አያት ሥራ ነው" ብለው ነበር የሚወጡት። አንዳንዱም አያቱን ሊያግዝ ይነሳል። ለዚህ ነው ይሄን አስተያየት እንደሌሎቹ በቀልድ ያላለፍኩት።

ደግሞ መርዙ ነገሩን አይጨርሰውም። አንድ ጎረቤቴ ያደረገውን ልንገራችሁ። ወጥ ቤቱ አይጥ ገባ፤ መርዝ ገዝቶ በተነ። በሳምንቱ አራት የሞቱ አይጦች አገኘ፤ ደስ አለው። በማግስቱ የሰፈሩ ድመት ጓሮ ሞታ ተገኘች፤ የተመረዘ አይጥ በልታ እንደሆነ ሁላችንም ጠረጠርን። ዱቄቱ እዚያው ማዳበሪያ ውስጥ፣ የቱቦው ቀዳዳ እንደተከፈተ ነበር። በሁለት ወር ገደማ አይጦቹ ተመለሱ። ድመቷ የለችም። የቅድሙን ቁጥር አስታውሱ፤ አንዲት እርጉዝ አይጥ ከተረፈች ወይም በዚያው ቀዳዳ ከገባች ሁለት ወር በቂዋ ነው። ጎረቤቴ እንደገና መርዝ ገዛ። ነገሩ ሁሉ ሩጫ ነበር፤ ቀዳዳውን ግን አንድም ቀን ባትሪ አብርቶ አላየውም።

አያትየው ያደረጉትን ቅደም ተከተል ከዚህ ጋር አስተያዩት። መጀመሪያ ዓይነቱንና መንገዱን ለዩ። ቀጥለው ምግቡን ዘጉ። ምግብ ሲጠፋ ወጥመዱ ላይ ያለው ኦቾሎኒ ብቸኛው እራት ይሆናል፤ ወጥመዱ በሦስት ቀን ውስጥ የሠራው ለዚህ ነው። ዱቄቱ ክፍት ቢሆን ኖሮ ማን ለቁንጥር ኦቾሎኒ ይሄዳል? ቀዳዳውን የደፈኑት ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው። አንዳንዱ ሰው መጀመሪያ ይደፍናል፤ ያኔ ውስጥ ያሉት ውስጥ ይቀራሉ፣ ሌላ መውጫ ይቦረቡራሉ። የደፈኑበት ነገርም ታስቦበታል። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ ፕላስቲክ፣ እንጨት፣ ጨርቅ፣ ጭቃ ትቦረቡራለች። ሽቦ ግን አያኝኳትም። "ሦስት ሌሊት ዱካ የሌለበት አመድ" ማለት ደግሞ ማረጋገጫ ነው። ያለቀ መስሎ ከመታየቱ በፊት ማለቁን ማየት። ላቦራቶሪ ውስጥ ለተማሪዎቼ ይሄን ለማስረዳት ስንት ጊዜ ነው የደከምኩት!

"ድመት ቢያመጡስ?" ያላችሁ ትኖራላችሁ። ድመት ጥሩ ናት፤ ሽታዋም ያርቃል ይባላል። ግን ዱቄቱ ተከፍቶ ቀዳዳው ሳይደፈን ድመት ብቻዋን አትጨርሰውም። አይጧ ግድግዳ ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ድመቷ ደግሞ እዚያ አትገባም።

ስለዚህ ታሪኩ አይነካ አልኩ። አንድ ነገር ብቻ ነው እንድታስተካክል የነገርኳት። በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ልጅቷ የአይጡን ኩስ በደረቅ መጥረጊያ ትጠርጋለች ይላል። ደረቅ ሲጠረግ ይቦንናል፤ ብናኙ አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ ሊጥ ዕቃው ላይም ያርፋል። የሆድ በሽታ የሚያመጡ ተህዋስያን በኩስም በሽንትም ይኖራሉ። ስለዚህ "አያትየው አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠው ረጩበት፣ አምስት ደቂቃ ጠብቀው በእርጥብ ጨርቅ አነሱት፣ ጨርቁን ጣሉት፣ እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ" በሚል እንድትቀይረው ጠየቅኳት። ወጥመዱንም የሚነኩት አያትየው ብቻ እንዲሆኑ። ሁለቱንም ጻፈችው። አያትየው እንደሆነ ያው አያትየው ናቸው፤ አንድም ቃል አልጨመሩም።

"መጨረሻ ላይ ምክር የለውም" ለሚሉም አጭር መልስ አለኝ። ልጅቷ መብራቱን አብርታ ግድግዳውን በዓይኗ ተከትላ መሄዷ ምክሩ ነው። ከሱ ሥር "ስለዚህ ልጆች አትፍሩ" ብለን ብንጽፍ፣ ያየችውን ነገር ነጥቀን ቃል ሰጠናት ማለት ነው። አለመፍራትን በትዕዛዝ አንሰጥም። ፈርታ ነበር፤ አየች፤ ቆጠረች፤ ከዚያ ፍርሃቱ ቀነሰ። ሕፃናቱ ራሳቸው ይደርሱበታል፤ ካልደረሱበትም ውሃ ሲጠማቸው ትዝ ይላቸዋል።

አንድ ወሰን ግን ላስቀምጥ፣ በኋላ "መምህሩ ሁሌ ተረጋጉ አለ" እንዳትሉኝ። እርጋታ ማለት መዘግየት አይደለም። አይጥ ልጅ ከነከሰች ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና አጥቦ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ልጅ መርዝ አፉ ከከተተ፣ ወይም ከተጠረጠረ፣ ምልክት እስኪታይ አይጠበቅም፤ ወተት ማጠጣት፣ በጣት አስገድዶ ማስመለስ አያስፈልግም። ልጁንም ወረቀቱንም፣ የተረፈውንም መርዝ ይዞ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መርዝ ለቀናት ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል፤ "ደህና ነው እኮ፣ ይጫወታል" ብሎ መቀመጥ ነው አደጋው። እኚያ አያት እዚያ ቢሆኑ፣ "ስንት ናቸው?" ያሉበት ጭንቅላት ራሱ "ስንት በላ? የቱን በላ? መቼ?" ይል ነበር፣ እግራቸው ግን በሩ ላይ ነው።

ታሪኩ በሚቀጥለው ሳምንት ለመዋዕለ ሕፃናቱ ይነበባል፤ የምታነበው ራሷ ተማሪዬ ናት። ባልደረቦቼ ግማሹ ተስማምተዋል፣ ግማሹ አሁንም ያጉረመርማል። አንዱ "ቢያንስ ርዕሱ ላይ 'ብልሆቹ' የሚል ይግባበት" ይላል። እሱንም እምቢ ብላለች፤ ደስ ብሎኛል።

እናንተ ቤትስ? አይጥ ሲታይ መጀመሪያ የሚወጣው ቃል ምንድን ነው? "ግደለው!" ነው፣ "ማን ነው ክዳኑን የተወው!" ነው፣ ወይስ "በየት ገባች?" ነው? ጻፉልኝ። መርዝ መሬት ላይ የበተናችሁ ካላችሁ ግን ከመጻፋችሁ በፊት ሄዳችሁ አንሱት። በጓንት፣ ልጆቹ ሳይነሱ።